የግብር እፎይታው ማንን አመጣ? «ያጣነው የለም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«የውጭ ባለሀብት ካልመጣ የምንሰበስበው ግብር ዜሮ ነው፤ ስለዚህ እፎይታ ስንሰጠው ያጣነው ነገር የለም። ሐዋሳን እዩ፤ እፎይታው ባይኖር ያ ሁሉ ፋብሪካ ባልመጣ ነበር። ደግሞም ከባለቤቱ ያልወሰድነውን ከሠራተኛው ደመወዝ እናገኘዋለን። ኬንያና ሩዋንዳ እየሰጡ እኛ ብንከለክል ሁሉም ጥሎን ይሄዳል። ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም እንደማንኛውም ነጋዴ ይከፍላል።»

ወንድሜ፣ የግብር እፎይታን፣ ማለትም ባለሀብቱ ለተወሰኑ ዓመታት የትርፍ ግብር እንዳይከፍል መተውን፣ የደገፍክበትን ይህን ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። በቅን ልብ እንደጻፍከው ይታያል። ግን ከላይ ካሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አንዱም እንዳለ የሚቆም አይመስለኝም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የፋብሪካ ሒሳብ ስዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ከነዚያ ውስጥ የተወሰኑትን ያሳለፍኩት ግብር በማይከፍል ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እመልስልሃለሁ። ቅደም ተከተልህን ግን ትንሽ አዛባዋለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚገለጠው ሐዋሳ ላይ ነው።

ሐዋሳ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ዋናው መሪ ኩባንያ የአሜሪካው ፒቪኤች ነበር፤ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉት ልብሶች ባለቤት። እሱን ተከትለው ከእስያ የመጡ አቅራቢዎች ሼዶቹን ሞሉ። እስከዚህ ድረስ እንስማማለን።

አሁን አንድ ቲሸርት ይዘን እንቀመጥ። ከሐዋሳ በ3 ዶላር ተሸጦ ወደ አሜሪካ የሚላክ ተራ የጥጥ ቲሸርት ነው እንበል። አሜሪካ በእንዲህ ዓይነት ቲሸርት ላይ የምትጥለው መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ በሚፈቅደው በአጎዋ ሕግ ግን ዜሮ ነበር። ስለዚህ አጎዋ ለዚያ ቲሸርት የሰጠው ጥቅም ወደ 50 ሳንቲም ይጠጋል። የግብር እፎይታውስ? የልብስ ስፌት ትርፉ ቀጭን ነው። ከሽያጩ 5 በመቶ አተረፈ ብንል 15 ሳንቲም ነው። የእኛ የድርጅት ገቢ ግብር 30 በመቶ ነው፤ የ15 ሳንቲም 30 በመቶ አራት ሳንቲም ተኩል ይሆናል። በቃ፣ እፎይታው ለአንድ ቲሸርት ያዋጣው ይህችው ናት። የአጎዋው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ትርፉን እጥፍ አድርገህ ብታሰላው እንኳ ዘጠኝ ሳንቲም ነው።

ታዲያ ባለሀብቱ ወደ ሐዋሳ ያመጣው የትኛው ነው? ይህንን መገመት አያስፈልገንም፤ በተግባር አይተነዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች በጦርነቱ ምክንያት የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከዚያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ሼዶች ባዶ ሆኑ፣ ብዙ ሺህ ልጆች ከሥራ ወጡ። በዚያ ሰሞን የተሰረዘ የግብር እፎይታ የለም። ደንቡ እንዳለ ነበር። ሰላሙ ሲሄድና ገበያው ሲዘጋ እፎይታው አንድም ሰው ይዞ ማስቀረት አልቻለም። ያልያዘውን ነገር «ያመጣው እሱ ነው» ማለት ይከብደኛል።

ሌላም ያልጠቀስከው ነገር አለ። ፓርኩን የሠራው ባለሀብቱ አይደለም። ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የፈጀውን ፓርክ የሠራው መንግሥት ነው፤ ገንዘቡም የመጣው በ2007 ዓ.ም. ከዓለም ገበያ ከተበደርነው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ ነው። የዚያ ቦንድ ወለድ 6.625 በመቶ ነበር። የ250 ሚሊዮኑን ብቻ ብታሰላው በዓመት 16.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ነው፣ ዋናውን ሳይነካ። ሼዱ፣ መብራቱ፣ ፍሳሽ ማጣሪያው፣ መንገዱ ሁሉ በብድር ተሠርቶ ተከራዩ ከትርፉ ምንም ሳይከፍል ይቀመጣል። በዲሴምበር 2023 የዚያን ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል አቃተን። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ፓርኩ ነው ብዬ አልዋሽህም። ግን ዕዳ የሚከፈለው ከግብር ነው። ዕዳው የመጣበትን ፕሮጀክት ራሱን ከግብር ነጻ ካደረግነው ወለዱን የሚሸከመው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው፤ መርካቶ ያለው ነጋዴ፣ ደመወዝተኛው፣ ዘይት ሲገዛ ቫት የሚከፍለው ሁሉ።

ስለ ሠራተኛው ደመወዝ

ይህቺ ነጥብህ ላይ ትንሽ ልቤ አዝኗል፤ ቁጥሩን ብታየው እንደማትጽፈው አምናለሁ።

በፓርኩ የመጀመሪያ ዓመታት የአንዲት ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 750 ብር ገደማ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 26 ዶላር አካባቢ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከደመወዝ ነጻ የሚሆነው የመጀመሪያው 600 ብር ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ላይ 10 በመቶ ይቆረጥ ነበር። ስለዚህ ከ750 ብር ላይ 150ው ይታሰባል፣ 15 ብር ይቆረጣል።

በወር 15 ብር። ሃያ ሺህ ሠራተኛ ብትደምር በወር 300 ሺህ ብር፣ በዓመት 3.6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 130 ሺህ ዶላር ነው። ከላይ ያሰላነውን የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ወለድ አስታውስ። እሺ፣ ሱፐርቫይዘሮች አሉ፣ ትርፍ ሰዓት አለ፣ ከፍ ያለ ደመወዝ የሚያገኙም አሉ። አምስት እጥፍ አድርገው፤ አሁንም አይጠጋውም።

እኔን ደግሞ የሚቆረቁረኝ ሌላው ነው። ከወላይታና ከሲዳማ ገጠር መጥታ አንዲት ክፍል ከሦስት ልጆች ጋር ተከራይታ የምትኖር ልጅ ከመጀመሪያ ወሯ ጀምሮ ግብር ከፋይ ናት። ከፔሮሏ ላይ በቀጥታ ይቆረጣል፣ እፎይታ የሚባል ነገር ለእሷ የለም። አሁን በ2017 በወጣው ማሻሻያ ነጻ የሚሆነው ደመወዝ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ ጥሩ ነው። ግን ለእሷ ማቃለያው የደረሰው እፎይታው ለባለ ፋብሪካው ከተሰጠ ከዓመታት በኋላ ነው።

ሥራ መፈጠሩ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። በጣም አለው። የምለው፣ ለሥራው የከፈልነው ዋጋ ስንት እንደሆነ እናስላ ነው፤ «ከደመወዝ እናገኘዋለን» ብለን አንለፈው።

«ካልመጣ ዜሮ ነው» ስለሚለው

ይህ የሚያስኬደው አንድ ነገር እውነት ከሆነ ብቻ ነው፦ የመጣው ሁሉ የመጣው በእፎይታው ምክንያት ከሆነ። ሳይሰጠውም ይመጣ ለነበረ ሰው የሰጠኸው እፎይታ ግን ጥርት ያለ ኪሳራ ነው።

የዓለም ባንክ ይህንን ጥያቄ ባለሀብቶቹን ራሳቸውን ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ላይ እንደተቀመጠው፣ «ማበረታቻው ባይኖርም እንመጣ ነበር» ያሉት በሩዋንዳ 98 በመቶ፣ በኡጋንዳ 93 በመቶ፣ በታንዛንያ 91 በመቶ ናቸው። በየአገሩ እኩል አይደለም፤ በኤል ሳልቫዶር 37 በመቶ ብቻ ነበሩ። መጠይቅ ደግሞ መጠይቅ ነው፣ ሰው የፈለገውን ይሞላል ልትል ትችላለህ። ግን እስቲ አስበው፣ ግብር የማይከፍል ሰው «ማበረታቻው አላስፈለገኝም» ብሎ ለመዋሸት ምን ምክንያት አለው? ቢዋሽ ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው የሚዋሸው። ሌላ ጥናት ደግሞ ከላቲን አሜሪካ፣ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ ከ40 በላይ አገሮችን ለሃያ ዓመት ተከታትሏል። ረዘም ያለ እፎይታ በላቲን አሜሪካና በካሪቢያን የውጭ ኢንቨስትመንት ሲጨምር አይቷል። በአፍሪካ ግን አላየም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ባለሀብቱ ምን ፈልጎ እንደሚመጣ ለይ። ገበያችንን ፈልጎ የሚመጣ አለ። ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 ሐረርና በደሌ ቢራን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ገባ። በሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን በ2013 ዓ.ም. ለቴሌኮም ፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ይህ ሰው ለመግባት ገንዘብ ከፍሎ ነው የመጣው! ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለበት ገበያ ናይሮቢ ላይ ተቀምጦ አይገኝም። እንዲህ ዓይነቱን በእፎይታ መለመን በራስህ በር ላይ ተሰልፎ ለሚጠብቅህ ደንበኛ የታክሲ ገንዘብ እንደመላክ ነው።

ወደ ቁጥር ላምጣው። አሥር ፋብሪካ መጣ እንበል፣ እያንዳንዱ በዓመት 10 ሚሊዮን ብር ግብር ሊከፍል ይችል ነበር። በእፎይታው ምክንያት የመጣው አንዱ ብቻ ነው። ዘጠኙ ለማንኛውም ይመጡ ነበር። በዓመት 90 ሚሊዮን ብር አጣህ፣ በአምስት ዓመት 450 ሚሊዮን። አንድ ፋብሪካ ለማምጣት ያወጣኸው ይህን ያህል ነው። የአንተ ስሌት አሥረኛውን ብቻ አይቶ ዘጠኙን ረስቷል።

ለማን ይጠቅማል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ እኔም ሒሳቡ ላይ እስክቀመጥ ድረስ አልገባኝም ነበር። የግብር እፎይታ የሚጠቅመው ትርፍ ያለውን ነው። ያላተረፈ ሰው ድሮም የትርፍ ግብር የለበትም።

ሁለት ፋብሪካ አስብ፣ ሁለቱም የስድስት ዓመት እፎይታ አላቸው። የመጀመሪያው ትልቅ ማሽን የተከለ የፈትልና ሽመና ፋብሪካ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 15 ሚሊዮን ይከስራል፣ በሁለተኛው 10። ሠራተኛ ማሰልጠን፣ መብራት መቆራረጥ፣ ዕቃ ጅቡቲ ላይ መቆም፤ የታወቀ ነው። በሦስተኛው ዓመት ለዜሮ ይወጣል። ከዚያ 5፣ 8 እና 12 ሚሊዮን ያተርፋል። ደምረው፤ የከሰረው 25 ነው፣ ያተረፈውም 25 ነው። እፎይታው ባይኖርና ኪሳራውን ወደ ቀጣይ ዓመታት አሻግሮ ከትርፉ ቢቀንስ በስድስቱም ዓመት የትርፍ ግብር አይከፍልም ነበር። እፎይታው ለእሱ የጨመረለት ነገር የለም።

ሁለተኛው ቀለል ያለ ሥራ ነው። ማሽኑ ትንሽ፣ ሸማቹ ዝግጁ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ 40 ሚሊዮን ያተርፋል። በስድስት ዓመት 240 ሚሊዮን። የዚያ 30 በመቶ 72 ሚሊዮን ብር ነው። ሙሉ በሙሉ ተተወለት።

እንግዲህ ከሁለቱ እንዲመጣልን የምንለፋለት የትኛው ነው? ማሽን የተከለው፣ ከባዱን የጀመረው። ገንዘቡን ያገኘው ግን ሁለተኛው ነው። ይህ የአንድ ባለሥልጣን ስህተት አይደለም፤ እፎይታ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሠራው።

መርዳት ካለብን የወጣ ገንዘብን ተከትለን እንርዳ። ለገዛው ማሽን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍ ያለ የእርጅና ተቀናሽ ስጠው፣ ማለትም የማሽኑን ዋጋ ግብር ከሚታሰብበት ትርፍ ላይ ቶሎ ይቀንስ፣ ኪሳራውን ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያሻግር ፍቀድለት። ማሽን ካልገዛ ተቀናሽ የለም። ብዙ ካተረፈ ይከፍላል። ለኤክስፖርት የሚሆን ጥሬ ዕቃና ማሽን ከቀረጥ ነጻ መግባቱን ደግሞ እኔም እደግፋለሁ፤ ክርና ዚፕ ላይ ቀረጥ ጭነህ በዓለም ገበያ መወዳደር አይቻልም። የግብር እፎይታና የቀረጥ ነጻ መብት አንድ ላይ እንዳይጠቀለሉ መለየት ፈለግሁ።

ጊዜው ሲያልቅ የሚሆነው

መጀመሪያ የሕጉን ልንገርህ። ለብዙ ዓመት የሠራው ደንብ ቁጥር 270/2005 ነው፣ በኋላ በደንብ ቁጥር 517 ተተክቷል። በ270 መሠረት እፎይታው የሚቆጠረው ማምረት ከተጀመረበት ቀን ነበር። ወደ ውጭ ለሚልክ ዓመት ይጨመር ነበር። በእፎይታው ጊዜ የከሰረ ደግሞ ኪሳራውን ከእፎይታው በኋላ፣ የእፎይታውን ግማሽ ለሚያህል ጊዜ ያሻግር ነበር። በዚያ ላይ የማምረት አቅሙን ቢያንስ በ50 በመቶ ያሰፋ ነባር ድርጅት ከማስፋፊያው ለሚያገኘው ገቢ ሌላ እፎይታ የሚጠይቅበት በር ነበር። ስለዚህ አምስት ዓመት ተብሎ የተሰጠ እፎይታ በወረቀት ነው አምስት የሆነው።

ማስፋፊያው ላይ የሚመጣውን ጣጣ ሒሳብ ሠራተኛ ያውቀዋል። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጀነሬተር፣ በአንድ ሥራ አስኪያጅ ነባሩና አዲሱ መስመር አብረው ይሠራሉ። ነባሩ ግብር ይከፍላል፣ አዲሱ አይከፍልም። የናፍጣውን ደረሰኝ በየትኛው ትመዘግበዋለህ? ግብር በሚከፍለው ላይ ነዋ። ወጪው ወደዚያ፣ ትርፉ ወደዚህ ይሄዳል።

ይህንን የምልህ ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ስሙን በማልጠቅሰው ቦታ፣ አንድ ባለቤት ያላቸው ሁለት ድርጅቶች ነበሩ። አንዱ እፎይታ ያለው የልብስ ፋብሪካ ነው። ሌላው ካርቶንና ማሸጊያ የሚሠራ፣ እፎይታው ያለቀበት። አንድ ቀን የካርቶኑን ሽያጭ ከደረሰኝ ጋር ሳመሳክር ሁለት ደረሰኝ ጎን ለጎን ቀረበልኝ። አንድ ዓይነት ካርቶን፣ አንድ ዓይነት ልክ፣ አንድ ሳምንት። ለውጭ ደንበኛ 40 ብር። ለእህት ድርጅቱ 26 ብር።

ለአለቃዬ አሳየሁት። «ለቤተሰብ ነው» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ልዩነቱ 14 ብር ነው። ያ 14 ብር ካርቶኑ ፋብሪካ ውስጥ ትርፍ ሆኖ ቢመዘገብ 30 በመቶው፣ ማለትም 4 ብር ከ20፣ ለመንግሥት ይሄድ ነበር። ልብስ ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ግን ግብር የለበትም። በወር 20 ሺህ ካርቶን ነበር የሚሄደው፤ በወር 84 ሺህ ብር። ይህ ካርቶን ብቻ ነው። ጨርቅ፣ የማኔጅመንት ክፍያ፣ የብራንድ ክፍያ፣ ከውጭ እህት ድርጅት የሚመጣ ብድር ሲጨመርበት አስበው። ሕጋችን በእህት ድርጅቶች መካከል የሚደረግ ሽያጭ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ያዛል። ግን ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ግብር የሚከፍለውን ድርጅት ፋይል ነው፤ እፎይታ ያለውን ፋይል «ምን ይወጣበታል?» ብሎ ያልፈዋል። ቀዳዳው ያለው እዚያ ነው። ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን ያላየ ሰው አያገኘውም።

እንዲህ ያለውን የሚጠረጥር ኦዲተር አንድ ቀላል ነገር ይይ፦ እፎይታ ያለው ድርጅት የትርፍ ህዳግ ከተለመደው በላይ ሆኖ፣ በዚያው ባለቤት ስር ያለው ግብር ከፋይ ድርጅት በየዓመቱ ለዜሮ ወይም በትንሽ ኪሳራ የሚዘጋ ከሆነ ደረሰኞቹን ያውጣ። ሌላው ምልክት እፎይታው ሊያልቅ ሲል በአዲስ ስም የሚቋቋም ድርጅት ነው። ማሽኑ ያው፣ ሠራተኛው ያው፣ በር ላይ ያለው ታፔላ ብቻ አዲስ።

ጎረቤቶቻችን

ኬንያ በኤክስፖርት ቀጠናዋ 10 ዓመት ትሰጣለች፣ ከዚያ ለቀጣዩ 10 ዓመት 25 በመቶ። ኡጋንዳ 80 በመቶውን ወደ ውጭ ለሚልክ 10 ዓመት። ታንዛንያ 10። ሩዋንዳ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚያፈስ ሰባት ዓመት። እኛም በፓርክ ውስጥ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ። ልክ ነህ፣ ሁሉም ይሰጣል።

ሁሉም ከሰጠ ግን ማን ምን ብልጫ አገኘ? ባለሀብቱ አምስቱን አገር ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያይ የግብሩ መስመር ሁሉም ጋ ዜሮ ነው። ስለዚህ ይሰርዘውና ወደሚቀጥለው መስመር ይሄዳል፦ ወደብ፣ መብራት፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ሰላም፣ ደመወዝ። ማለትም ውድድሩ ተመልሶ እፎይታው ባይኖር ይሆን በነበረበት ቦታ ይቆማል። ልዩነቱ አምስቱም አገሮች ግብራቸውን አጥተው መቆማቸው ነው። በኳስ ሜዳ የፊት ተመልካች ሲቆም ኋላ ያለውም ይቆማል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ቆሞ፣ ሁሉም እግሩን አሞት፣ ድሮ ያየውን ያህል ነው የሚያየው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ሪፖርት ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛንያና ሩዋንዳ በማበረታቻ እስከ 2.8 ቢሊዮን ዶላር በዓመት ያጣሉ ብሎ ነበር። እኔ በዚህ ቁጥር ላይ አልቆምም፤ የተለያየ ዓይነት ነጻ መብት በአንድ ላይ የተደመረበት ነው፣ በኋላም አዘጋጆቹ ራሳቸው ዝቅ አድርገውታል። ለእኔ የቲሸርቱ ሒሳብ ይበቃኛል።

ደግሞ ባለሀብቱ ጥሎ የሚሄድበት ምክንያት እየቀነሰ ነው። በኦክቶበር 2021 ከ130 በላይ አገሮች በ15 በመቶ ዝቅተኛ ግብር ተስማሙ። ሽያጩ በዓመት ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆነ ቡድን በአንድ አገር ከ15 በመቶ በታች ከከፈለ የጎደለውን ሌላ አገር ይሰበስበዋል። ደቡብ ኮሪያ፣ ጃፓን፣ እንግሊዝና አብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውለውታል።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ሴኡል የሆነ ትልቅ ቡድን እዚህ 100 ሚሊዮን ብር አተረፈ እንበል። የሠራተኛ ወጪው 100 ሚሊዮን፣ የሕንጻና የማሽን ዋጋው 200 ሚሊዮን። ደንቡ ከነዚህ ድምር ላይ 5 በመቶውን ከስሌቱ ያወጣለታል፣ 15 ሚሊዮን ማለት ነው። አሁን ባሉት የመሸጋገሪያ ዓመታት መቶኛው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ለቀላልነት 5ን ልያዝ። ቀሪው 85 ሚሊዮን ነው። የዚያ 15 በመቶ 12 ሚሊዮን 750 ሺህ ብር። ይህንን እኛ «ተውኩልህ» ብለን ዜሮ ካደረግነው ባለሀብቱ ኪስ አይገባም። የኮሪያ ገቢዎች ይወስደዋል። እኛ እዚህ ብንሰበስበው ደግሞ ለባለሀብቱ አንድ ብር አይጨምርበትም፤ ለማን እንደሚከፍል ብቻ ነው የሚለወጠው።

ትንንሾቹ ኩባንያዎች በዚህ አይነኩም፣ በፓርኮቻችን ያሉ ብዙዎቹም ትንንሽ ናቸው። ለአሜሪካ ቡድኖች ደግሞ የተለየ አሠራር ተፈቅዷል። ግን ፋብሪካው ያለበት አገር እስከ 15 በመቶ የጎደለውን ለራሱ ለመሰብሰብ በራሱ ሕግ የሚጥለውን የአገር ውስጥ ማሟያ ግብር ማንም አይከለክለውም። ቬትናም ለዓመታት በእፎይታ ትታወቅ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ማሟያውን ራሷ ትሰበስባለች። አንተ «እየሰጠች ነው» ያልካት ኬንያም በዲሴምበር 2024 የራሷን ማሟያ ደንግጋለች። በሚቀጥለው ጽሑፍህ ከኬንያ ጋር ስታወዳድረን ይህንንም አስገባው።